የደብዳቤ እርማትና የእውነት ልክ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



አንድ መሐንዲስ በውጭ አገር ሥራ ሲፈልግ አስቀድሞ በአሠሪው እጅ የሚገባው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ጸሐፊው በትምህርት ባገኘው ባዕድ ቋንቋ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ቋንቋውን ከእርሱ አብልጦ የሚያውቅ ሰው እንዲያርመው መስጠት የተለመደ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው እርማት ነው። እርማት እስከ ምን ድረስ ደብዳቤን እንደሚያቃና፥ ከየት ጀምሮስ ደብዳቤውን የሌላ ሰው እንደሚያደርገው በአንድ ምሳሌ ለመመልከት ይሞከራል።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ የሚኖር የሠላሳ ዓመት የሲቪል መሐንዲስ ይወሰድ። በመጠጥ ውኃ መስመር ዝርጋታ ላይ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ማታ ማታ ጀርመንኛ ተምሮ ቢ1 የሚባለውን ደረጃ በፈተና አልፏል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ባለሙያዎች በሯን ከቀድሞው ይልቅ ስለ ከፈተች፥ ቧንቧ ለሚዘረጋ አንድ የጀርመን ድርጅት ለማመልከት ወሰነ።

የመጀመሪያው ረቂቅ በጀርመንኛ ቃላት የተጻፈ የአማርኛ ማመልከቻ ነበር። «ለተከበረው ድርጅታችሁ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ብሎ ይጀምርና፥ «ሥራ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ» ብሎ ይጨርሳል። በአገራችን ጽሕፈት ቤቶች ይህ የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው። ጀርመናዊው አንባቢ ግን ልመና እንጂ ጨዋነት አይታየውም፤ የሚፈልገውም ሰውየው የትኛውን ሥራ መሥራት እንደሚችል ማወቅ ነው። በጀርመንኛ አክብሮት የሚገለጸው በጥቂት ቋሚ ነገሮች ነው። «እርስዎ» እንደ ማለት ያለው «ዚ» የሚባለው ቃል በትልቅ ፊደል ይጻፋል። ተቀባዩም በቤተሰብ ስሙ ይጠራል። እኛ ሰውን በራሱ ስም ስለምንጠራ፥ ወጣቱ «የተከበሩ ወይዘሮ» ከሚለው ቀጥሎ የሴትዮዋን የመጀመሪያ ስም ጽፎ ነበር፤ ይህ ለጀርመናውያን ጆሮ እንግዳ ነው። ስሙ በማስታወቂያው ላይ ካለ የኋለኛው ስም ይወሰዳል። የራሱ ስም ደግሞ በደብዳቤው፥ በዲፕሎማውና በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደልና ቅደም ተከተል መገኘት አለበት።

የቅርጹ ጉዳይ ለመሐንዲስ አይከብድም፤ ጀርመኖች ለንግድ ደብዳቤ አጻጻፍ ዲን 5008 የሚባል ደረጃ አውጥተውለታልና። በአርእስቱ መሥመር ላይ «ጉዳዩ» የሚል ቃል አይጻፍም፤ የሥራው መጠሪያና የማስታወቂያው ቁጥር ብቻ ይቀመጣል። ከሰላምታው በኋላ ነጠላ ሰረዝ ይደረግና የሚቀጥለው መሥመር በትንሽ ፊደል ይጀመራል፤ ቃሉ ስም ወይም ያ የአክብሮት «ዚ» ካልሆነ በቀር። ከመዝጊያው ሰላምታ በኋላ ደግሞ ሰረዝ የለም። «በዚህ ደብዳቤ አመለክታለሁ» የሚለው የተለመደ መክፈቻ፥ «ሂርሚት ቤቬርበ ኢሽ ሚሽ»፥ ከሰዋስው አንጻር ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አርእስቱ አስቀድሞ የተናገረውን ስለሚደግም የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በከንቱ ያባክናል። «ምናልባት ቢፈቅዱልኝ ደስ ባለኝ ነበር» የሚለውም መዝጊያ «ለቃለ ምልልስ ቢጋብዙኝ ደስ ይለኛል» በሚል ቀጥተኛ ቃል ቢተካ ከአክብሮቱ የሚጎድል ነገር የለም።

እስከዚህ ድረስ እርማቱ ሁሉ መልካም ነበር። ችግሩ የተነሣው ከደብዳቤው መካከል ነው። ወጣቱ «12 ኪሎ ሜትር የውኃ መስመር ተዘርግቷል» ብሎ ጽፎ ነበር። አማርኛ «ተሠራ»፥ «ሠራን» እያለ ሥራውን መናገርና ሠሪውን መሸፈን ይወዳል፤ ራስን ማጉላት ነውር ነውና። አራሚው ወዳጁ ዓረፍተ ነገሩ ሠሪ የሌለው መሆኑን አይቶ «ኢሽ ላይቴተ» ማለትም «እኔ መራሁ» የሚል ግሥ አገባበት። ዓረፍተ ነገሩ በጀርመንኛ አማረ፤ እውነቱ ግን ጠፋ። ወጣቱ መስመሩን አልመራም። ከ12ቱ ኪሎ ሜትር የ4ቱን ዝርጋታ በዋናው የሳይት መሐንዲስ ሥር ሆኖ ተቆጣጥሯል፤ የግፊት ፍተሻውንም መዝግቧል።

ሁለተኛው ለውጥ ከዚህ ይብስ ነበር። «ጀርመንኛ እችላለሁ» የሚለው ቃል ቀለል ያለ መስሎት አራሚው «ፈርሃንድሉንግስዚኸር» በሚለው ተካው። የቃሉ ትርጉም «በቋንቋው ውል እስከ መደራደር የሚያደርስ» ማለት ነው፤ ይህም ወደ ሲ1 የሚጠጋ ችሎታ እንጂ ቢ1 አይደለም። ሦስተኛው ለውጥ የሙያ መጠሪያ ነበር። አራሚው ከስሙ ፊት «ኢንጄኒየር» የሚለውን ማዕረግ ጨመረ። በጀርመን ግን ይህ መጠሪያ በየክፍላተ ሀገሩ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ በውጭ አገር የተማረ ሰው የሚጠቀምበት ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን አመልክቶ ሲፈቀድለት ነው። ፈቃዱ እስኪገኝ «በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄያለሁ» ማለት ይበቃል፤ እውነትም ነው።

የእነዚህ ለውጦች ጉዳት በወረቀቱ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በቃለ ምልልሱ ላይ ነው። «መራሁ» ያለ ሰው ስለ በጀት፥ ስለ ውልና ስለ ሠራተኛ ብዛት ይጠየቃል። ወጣቱ ለዚህ መልስ የለውም። ከቀድሞው መሥሪያ ቤት ያመጣው የሥራ ምስክር ወረቀትም «የሳይት ተቆጣጣሪ» ስለሚል፥ ወረቀቱና ደብዳቤው እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ያን ጊዜ በሰውየው ላይ የሚወድቀው ጥርጣሬ እውነት የሆነውንም የሥራውን ክፍል ይዞት ይሄዳል።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። አራሚው ለውጦቹን በሁለት ቀለም ይጻፍ። አንዱ ቀለም ለሰዋስውና ለአነጋገር ልማድ ይሁን፤ እነዚህን ጸሐፊው ይቀበላቸው። ሁለተኛው ለግሥ፥ ለቁጥር፥ ለማዕረግና ለችሎታ መለኪያ ይሁን፤ በእነዚህ አጠገብ «ይህን አንተ ሠርተሃልን?» የሚል ጥያቄ ይጻፍ። በመጨረሻም ጸሐፊው ወረቀቱን ገልብጦ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በራሱ ጀርመንኛ ጮክ ብሎ ያስረዳ። ሊያስረዳው ያልቻለው ቃል የራሱ አይደለምና ይውጣ።

በዚህ መንገድ የወጣቱ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሆነ፦ «በ12 ኪሎ ሜትር የመጠጥ ውኃ መስመር ሥራ ላይ የ4 ኪሎ ሜትሩን የፖሊኢትሊን ቧንቧ ዝርጋታ ተቆጣጠርሁ፤ የግፊት ፍተሻውንም መዘገብሁ።» ከቋንቋው በታች «ጀርመንኛ ቢ1፥ ለቢ2 በመማር ላይ» ተባለ። ደብዳቤው ከቀደመው አጠር አለ፤ ግርማውም ቀነሰ። ነገር ግን ጠያቂው ወደሚያውቀው ነገር የሚያደርስ በር ተከፈተ። «ቧንቧው ሳያፈስ በፍተሻው ጊዜ የመለኪያው ንባብ ለምን ይወርዳል?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ወጣቱ በቢ1 ጀርመንኛው «ፖሊኢትሊን ግፊት ሲደርስበት ቀስ በቀስ ስለሚለጠጥ ነው፤ ስለዚህ አየሩን አስቀድመን እናስወጣለን፥ ቧንቧው እስኪረጋም ጠብቀን እንመዘግባለን» ብሎ መመለስ ይችላል። ሰዋስው ቢሰናከልበትም እንኳ፥ ጠያቂው መሐንዲስ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ከቦይው አፋፍ ላይ ቆሞ መለኪያውን ያነበበ ሰው መሆኑን ይረዳል።