ባል ሲሞት፦ የባንኩ ገንዘብና የጡረታው አበል ለየብቻ የሚሄዱባቸው መንገዶች

የዛሬውን ርእሰ ጉዳይ በአንድ ምሳሌ ላይ አቆመዋለሁ። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ኑዛዜ ሳይተው አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ እንበል። ሚስቱ፣ የ24 ዓመት ሴት ልጁና የ12 ዓመት ወንድ ልጁ በሕይወት አሉ። በስሙ ባንክ ውስጥ 240,000 ብር አለ፤ የጡረታ አበሉም በወር 6,000 ብር ነበር።

ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስበው በሕይወት ሳለ የሰጠውን ውክልና ይዞ ባንክ መሄድ ነው። አይሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2232 መሠረት ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። ቀሪው መንገድ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃና ምስክሮችን ይዞ ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው። ውርሱ የሚከፈተው በቁጥር 826 መሠረት ሟች ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ እንጂ የባንኩ ቅርንጫፍ ባለበት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ሊያስጠራ ይችላል፤ ከዚያም በቁጥር 996 መሠረት የወራሽነት ማስረጃ ይሰጣል።

ማስረጃው ሲወጣ ሚስቲቱ ስሟን አታገኝበትም። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ሲደነግጡ አይቻለሁ። ኑዛዜ በሌለበት ወራሾች በቅድሚያ ልጆች ናቸው፤ ባልና ሚስት በሕግ አይወራረሱም። ይህ ማለት ግን ባዶ እጇን ትቀራለች ማለት አይደለም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በትዳር ዘመን የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። ስለዚህ 120,000 ብሩ የራሷ ድርሻ ነው፤ ውርስ የሚሆነው ቀሪው 120,000 ብር ብቻ ነው። ዕዳ ከሌለበት ለእያንዳንዱ ልጅ 60,000 ብር ይደርሳል። ይህን ግማሽ ልጆቹ ካመኑላት በስምምነት፣ ካልሆነም በፍርድ ታስወስናለች። ዝም ካለች ባንኩ ማስረጃውን ብቻ አይቶ ሙሉውን ለልጆቹ ሊከፍል ይችላል። የትንሹን ልጅ ድርሻ ግን ፍርድ ቤት በስሙ ተዘግቶ እንዲቀመጥ ሊያዝ ይችላል።

ጡረታው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በቁጥር 828 መሠረት በሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛ ወይም ለዘመድ የሚሰጥ ጡረታ የውርስ አካል አይደለም፤ ባለመብቱን የሚወስነው የጡረታ አዋጁ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1267/2014። ሚስት 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ 20 በመቶ ያገኛሉ። በምሳሌያችን እናት 3,000፣ ታናሹ 1,200 ብር በየወሩ ያገኛሉ፤ ወራሽ የሆነችው ታላቂቱ ምንም አታገኝም። እናትየው ለዚህ የሚያስፈልጋት የጋብቻ ማስረጃ እንጂ ወራሽ መባል አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞቱ ለጡረታ ተቋሙ ሳይነገር ቢቀር አበሉ ወደ ሟች ሂሳብ መግባቱን ይቀጥላል። ይህ ገንዘብ የውርስ ሀብት ስላልሆነ ይመለሳል፤ በሟች ካርድ ያወጣውም ሰው ተጠያቂ ነው። የሂሳቡ መጠን የሚሰላው በሞቱ ዕለት ከነበረው ነው።