ትልቅ ፋብሪካ በርካሽ የሚያመርተው ለምንድን ነው?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ባለፈው ስብሰባ ዳቦ ቤት ለመክፈት ያሰባችሁ እህቶች አንድ ጥያቄ አንስታችሁ ነበር። «ትልቁ ፋብሪካ እንዴት ከእኛ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል? ተበድረን ትልቁን ምድጃ እንግዛ ወይስ በትንሹ እንጀምር?» የሚል ነበር። ብድሩ የሁላችንም ዕዳ ስለሚሆን በቁጥር ላሳያችሁ ቃል ገብቼ ነበር።

ነገሩን ሁላችንም ከጓዳችን እናውቀዋለን። ለአንድ እንጀራ ብላ ምጣድ የምታግል ሴት የለችም። ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀው ማገዶ ለአንድም ለሠላሳም እንጀራ ያው ነው። በሂሳብ ሥራ ይህን ቋሚ ወጪ እንለዋለን። የቤት ኪራይ፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ የብድር ወለድ፣ የማሽን እርጅና የዚህ ወገን ናቸው። ዱቄት፣ እርሾና ጨው ግን ከዳቦው ቁጥር ጋር አብረው ይጨምራሉ፤ እነዚህ ተለዋዋጭ ወጪዎች ናቸው።

አሁን ለስሌት እንዲያመቸን ቁጥር እናስቀምጥ። ትንሹ ዳቦ ቤት በቀን 4,000 ብር ቋሚ ወጪ አለበት፤ ለአንድ ዳቦ ደግሞ 7 ብር ተለዋዋጭ ወጪ ያወጣል እንበል። በቀን 1,000 ዳቦ ከጋገረ ቋሚው ወጪ ለእያንዳንዱ 4 ብር ይደርሳል፤ ዳቦው 11 ብር ወጣበት ማለት ነው። በዚያው ማሽን 4,000 ከጋገረ ግን የሚደርሰው 1 ብር ብቻ ነው፤ ዳቦው በ8 ብር ያልቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው ነው።

ትልቁ ፋብሪካ ከዚህ ሌላ ተለዋዋጭ ወጪውንም ይቀንሳል። ዱቄት የሚገዛው በኩንታል ሳይሆን በመኪና ሙሉ ስለሆነ ዋጋ ያስቀንሳል። ሊጥ ማቡኪያው 20 ኪሎም ያቡካ 200 ኪሎ፣ ቆሞ የሚጠብቀው አንድ ሰው ነው። ምድጃውም ያግዘዋል። በሁሉም ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ሳጥን አስቡ። ሁሉንም ጎን ሁለት ሜትር ብታደርጉት የግድግዳው ስፋት 4 እጥፍ፣ የሚይዘው ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ሙቀት የሚያመልጠው በግድግዳው ስለሆነ፣ ምድጃው እስከ ላይ በመደርደሪያ ከተሞላ፣ ለእያንዳንዱ ዳቦ የሚባክነው ሙቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

እንግዲህ ትልቁ ምድጃ በቀን 10,000 ዳቦ የሚጋግር፣ ቋሚ ወጪው 12,000 ብር፣ ተለዋዋጩ 6 ብር ነው እንበል። ሙሉ ቀን ከሠራ ዳቦው በ7 ብር ከ20 ሳንቲም ያልቃል። ከትንሹ በ80 ሳንቲም ይረክሳል። በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ በቀን እስከ 2 ሚሊዮን ዳቦ እንዲያመርት ሆኖ የተሠራውም በዚሁ ሂሳብ ነው።

ነገር ግን «ሙሉ ቀን ከሠራ» ያልኩትን ልብ በሉ። ገበያው 3,000 ዳቦ ብቻ ቢወስድ፣ ለእያንዳንዱ 4 ብር ቋሚ ወጪ ይደርስና ዳቦው 10 ብር ይሆናል። ትንሹ ዳቦ ቤት ያንኑ 3,000 በ8 ብር ከ33 ሳንቲም ይጋግረዋል። ትልቁ ምድጃ ከትንሹ የ8 ብር ዋጋ ጋር ለመስተካከል ብቻ በየቀኑ 6,000 ዳቦ መሸጥ አለበት። መዝገቡን የያዝኩለት አንድ ዳቦ ቤት የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑን ባለሁለት እጥፍ አደረገ፤ ደንበኛው ግን የድሮው ነበር። ሽያጩ ሳይቀንስ ወለዱ ትርፉን በላው።

ሌላው መጓጓዣ ነው። 10,000 ዳቦ በአንድ ሰፈር አይበላም። ወደ ሩቅ ለማድረስ በዳቦ 1 ብር ከወጣ 7.20 የነበረው 8.20 ይሆናል፤ ደጃፉ ላይ የሚሸጠው ትንሹ በ8 ብር ያሸንፈዋል። ጡብ ወይም ሳሙና ቢሆን ተከማችቶ ቀን ይጠብቃል፤ ዳቦ ግን በማግስቱ ይደርቃል። መብራት ሲጠፋም በትልቁ ማቡኪያ ያለው ሊጥ በሙሉ ከልክ በላይ ይኮመጥጣል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። መጀመሪያ በእግር በሚደረስበት ዙሪያ ያሉትን ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ዞራችሁ በቀን ስንት ዳቦ እንደሚወስዱ ጻፉ። ድምሩ ወደ 4,000 ከሆነ ትንሹን ምድጃ ገዝታችሁ ሙሉ ቀን አሠሩት። ከ6,000 በላይ የሚወስድ ደንበኛ በስም ዘርዝራችሁ ስታመጡ፣ ያኔ የትልቁን ብድር ወረቀት አብሬያችሁ እሞላለሁ። እስከዚያው ግን ከዱቄቱ ዋጋ ላይ መቀነስ ይቻላል። እንጀራ ጋጋሪዎቹና ዳቦ ቤቱ ዱቄታቸውን ለየብቻ ከሚገዙ በአንድ መኪና ቢያመጡ፣ ትልቁ ፋብሪካ ከሚያገኘው ቅናሽ የተወሰነውን ያለ ብድር ያገኙታል።