የጡረታ ብርና የገበያ ዋጋ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ደሴ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ እንበል። የጡረታ አበላቸው የሚጨምረው መንግሥት ሲወስን እንጂ የጤፍ ዋጋ በወጣ ቁጥር አይደለም። በባንክ ግን 200,000 ብር አላቸው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ ተደርጓል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኑሮ ዋጋ ባመት ከመቶ 30 በላይ ጨመረ። 30 ብለን እንቁጠረው። ባመቱ ብራቸው 214,000 ሆነ፤ ቀድሞ በ200,000 ይገዙት የነበረው ዕቃ ግን 260,000 ይጠይቃል። 46,000 ብር ጎደለባቸው ማለት ነው። ክፋቱ፣ ደብተራቸውን ያየ ሰው ገንዘቡ የጨመረ ይመስለዋል።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1981፣ አሜሪካም በ1997 ለዚህ የሚሆን ቦንድ አወጡ። በዚህ ቦንድ ዋናው ገንዘብ ራሱ ከኑሮ ዋጋ ጋር ያድጋል። ወለዱ ከመቶ 2 ቢሆን፣ የመምህሩ 200,000 ብር 260,000 ይሆንና 5,200 ብር ወለድ ይታሰብላቸዋል። የኛ መንግሥት ግን እንዲህ ያለ ቦንድ አላወጣም። የግምጃ ቤት ሰነዱም የሚከፍለው አስቀድሞ የታወቀ ብር ነው፤ ዋጋ ቢንር አይከተልም።

ስለዚህ ሰው ወደ ቤት ኪራይ ያዘነብላል። መምህሩ በግቢያቸው በ150,000 ብር ሁለት ክፍል ሠርተው እያንዳንዱን በወር 1,500 ቢያከራዩ ባመት 36,000 ያገኛሉ። ሁለት ወር ባዶ ቢውል 6,000፣ ለጣራና ለቀለም ሌላ 5,000 ቢወጣ 25,000 ይቀራል። የቀረው 50,000 ብር ግን እየከሰረም ቢሆን ባንክ ይቀመጥ፤ በሽታ ሲመጣ ግድግዳ ቆርሶ መሸጥ አይቻልምና።

ኪራይም ቢሆን ዋስትና የለውም። ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ተመልከቱ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲከፈት የሠራተኛ ማደሪያ ክፍል መሥራት አዋጭ ይመስል ነበር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰ፤ ፓርኩም ተዘረፈ። በታኅሣሥ ወር አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ተከራዩ ሁሉ ከአንድ በር የሚመጣ ከሆነ በሩ ሲዘጋ ክፍሉ ሁሉ ባንዴ ባዶ ይሆናል። ለኔ ከፋብሪካ ደጅ ይልቅ ነጋዴም፣ ተማሪም፣ የመንግሥት ሠራተኛም የሚከራይበት ሰፈር ይሻላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ተፈጻሚ በሚሆንበት ከተማ ኪራይ የሚጨመረው ባመት አንድ ጊዜ፣ በተፈቀደው መጠን ብቻ ነው።

ቤቱ ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው በብር አይደለም። በየመስከረሙ የወሩ ኪራይ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገዛ ይመዝገብ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ኪሎው ካነሰ፣ ብሩ ቢጨምርም ጡረተኛው እየተጎዱ ነው፤ ያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ለመሥራት መበደር አይገባቸውም።