በተቀበረ የውኃ ታንከር ዙሪያ የሚሞላ አፈር ስሌት



ጉድጓዱ ተቆፍሮ ታንከሩ ከገባ በኋላ ዙሪያውን ለመሙላት ስንት ሜትር ኩብ አፈር እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ አስሉ። በተለይ የቆፈራችሁት አፈር መረሬ ከሆነ በክረምት እያበጠ ታንከሩን ስለሚገፋ፣ በበጋም ስለሚሰነጠቅ፣ የሚሞላውን አሸዋ ወይም ቀይ አፈር ከሌላ ቦታ ታመጣላችሁ፤ ወጪውም በስሌቱ ይወሰናል።

ለመቀበር የተሠራ ክብ ታንከር ወስደን እንሥራ። የውጭ ስፋቱ 1.8፣ ቁመቱ 2 ሜትር ነው። የስፋቱን ግማሽ 0.9 በራሱ አባዙት፤ ከዚያ በ3.14 እና በቁመቱ ሲባዛ 5.1 ሜትር ኩብ ያህል ይመጣል። የጉድጓዱ ጎኖች 2.5 በ2.5 ሜትር፣ ታች አሸዋ ከተነጠፈ በኋላ ጥልቀቱ 2 ሜትር ቢሆን፣ 12.5 ሜትር ኩብ ነው። 5.1 ሲቀነስ 7.4 ይቀራል።

ለክታችሁ የምትቀንሱት ሁልጊዜ የውጩን መጠን ነው። በግንብ ታንከር ላይ በሊትር የተነገራችሁን ብቻ ብትቀንሱ የግድግዳው ውፍረት ይቀራል፤ ያለ አግባብ ብዙ አፈር ታስጭናላችሁ።

7.4 ግን የተጠቀጠቀው ልክ ነው። ልቅ አፈር ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ አንድ አምስተኛ ጨምራችሁ 9 ሜትር ኩብ ያህል አዘጋጁ። በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር፣ በአራቱም ጎን እኩል፣ እርጥብ አድርጋችሁ ጠቅጥቁ። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ከተሞላ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ስለዚህ የውስጡ ውኃ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ እያለ አብሮ ይጨመር።