የኢሜይል ሣጥን በአንድ ፋይል

የዛሬው ቃላችን ኤምቦክስ ነው።

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ እናስብ። የደንበኞቹ ትኬትና ደረሰኝ ሁሉ ያለው ጂሜይል ውስጥ ነው። ባለቤቷ ቅጂውን በእጇ ማስቀመጥ ፈለገች። እናም takeout.google.com ከፍታ፣ ከምርጫዎቹ ኢሜይልን ብቻ መረጠች። ጉግል ፋይሉን ሲጨርስ ማውረጃ ሊንክ ይልክላታል። ሊንኩ ከቀናት በኋላ ስለሚዘጋ ቶሎ ማውረድ አለባት።

የወረደው ሲፈታ ኤምቦክስ ይወጣል። ኤምቦክስ እንደ ተጠረዘ መዝገብ ነው፤ መልእክቶቹ ሁሉ ተከታትለው በአንድ ጥራዝ ይሰፋሉ። ኢኤምኤል ግን አንድ ደብዳቤ በአንድ ፖስታ ነው፤ አንድን ውል ለብቻው ለማኖር ይመቻል፣ ለሺዎች ግን ያታክታል። የአውትሉኩ ፒኤስቲ ደግሞ ቀጠሮና አድራሻም ይይዛል፤ ለመክፈት ግን ባብዛኛው ራሱ አውትሉክ ያስፈልጋል።

ታዲያ ኤምቦክስ በኖትፓድ ሲከፈት አማርኛው ብዙ ጊዜ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። አያስደንግጥ፤ ፋይሉ አልተበላሸም። ጽሑፉ ለመላክ ሲባል የተጠቀለለው እንዲያ ነው። ተንደርበርድ በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ፊደሉ ይመለሳል። ባለቤቷም ከጂሜይሉ አንዳች ሳታጠፋ፣ አንድ የቆየ ትኬት እዚያው ፈልጋ አባሪውን ከፍታ ታየዋለች።