ሲቪና ፖርትፎሊዮ ጎን ለጎን ሲነበቡ



አንድ ድርጅት ግራፊክ ዲዛይነር ለመቅጠር ሲሻ በማስታወቂያው ላይ ሲቪና የፖርትፎሊዮ ሊንክ አብረው እንዲላኩ ይጠይቃል። ማመልከቻዎቹ ሲደርሱ ግን መዛኞች ብዙውን ጊዜ ለሲቪው አንድ ነጥብ፣ ለሥራዎቹ ሌላ ነጥብ ሰጥተው ይደምራሉ። ይህ አሠራር ዋናውን ነገር ያስቀራል። ሲቪ አመልካቹ የት፣ መቼና በምን ኀላፊነት እንደ ሠራ ይናገራል፤ ሥራው ምን እንደሚመስል ግን አያሳይም። ፖርትፎሊዮ ሥራውን ያሳያል፤ በሥራው ውስጥ የአመልካቹ ድርሻ የትኛው እንደ ሆነ ግን ምስሉ ብቻውን አይመሰክርም። እንግዲህ ሁለቱም የሚጠየቁት አንዱ በሌላው እንዲፈተሽ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ አሳታሚ የመማሪያ መጻሕፍትን ገጽ የሚያዘጋጅ ዲዛይነር ይፈልጋል እንበል። ከአመልካቾቹ የአንዲቱ ሊንክ ሲከፈት ሥራዎቹን ከማሳየት ይልቅ ፈቃድ ይጠይቃል። ከመዛኞቹ አንዱ ማመልከቻዋ ያልተሟላ ስለ ሆነ ይውደቅ ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ የተቈለፈ ሊንክ ካልተላከ ሊንክ ይለያል። ባለቤቱ ከራሱ ኮምፒውተር ሲከፍተው ስለሚከፈትለት መቈለፉን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ አጭር መልእክት ተልኮላት የአንድ ቀን ጊዜ ቢሰጣት ተገቢ ነው፤ ይኸው ዕድል ለሌሎቹም እኩል እስከ ተሰጠ ድረስ አድልዎ አይሆንም።

ሊንኩ በተከፈተ ጊዜ ሦስት ሥራዎች ይገኛሉ፤ በ2022 የተሠራ የመማሪያ መጽሐፍ፣ በ2023 የተሠራ የቡና መያዣ ከረጢት፣ ቀን ያልተጻፈበት የባንክ የስልክ መተግበሪያ። ሲቪዋ ደግሞ በአንድ ማተሚያ ቤት ከመስከረም 2013 እስከ ሰኔ 2014፣ ከዚያም በኋላ በግሏ እንደ ሠራች ይገልጻል። ባየው ልክ የሚፈርድ መዛኝ፣ መጽሐፉ ማተሚያ ቤቱን ከለቀቀች ከ8 ዓመት በኋላ የተሠራ መስሎት በሐሰት ይጠረጥራታል። ነገር ግን ሲቪው በኢትዮጵያ፣ ፖርትፎሊዮው በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ሰኔ 2014 ማለት በአውሮፓ አቈጣጠር 2022 አጋማሽ ስለ ሆነ፣ መጽሐፉ በማተሚያ ቤቱ ሳለች፣ ከረጢቱም በግሏ ስትሠራ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀኖቹ አይጋጩም።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚፈተሸው ድርሻ ነው። ሲቪው «የመማሪያ መጽሐፍ ዲዛይን» ብቻ ይላል፤ በፖርትፎሊዮው ላይ ከመጽሐፉ ሥር ግን የሠዓሊውና የሽፋን አዘጋጁ ስም ተጽፎ፣ እርሷ የውስጥ ገጾቹን እንዳዘጋጀች ተመልክቷል። ይህ የሲቪውን ቃል ያጠባል እንጂ አያፈርሰውም። እንዲያውም አሳታሚው የሚፈልገው የውስጥ ገጽ አዘጋጅ ስለ ሆነ፣ የሚመዘነው ያ ድርሻ ነው። መዛኙ የሽፋኑን ውበት ትቶ ገጾቹን ይመልከት፤ የመስመሮቹ ርቀት ለፊደላቱ ይበቃል ወይ? አራት ነጥቡ ከቃሉ ተለይቶ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ወድቋል ወይ? የርእሶቹ መጠን ከምዕራፍ ምዕራፍ አንድ ነው ወይ? በቃለ መጠይቁም፣ አንድ ርእስ በ120 ገጾች ሁሉ እንዲለወጥ ቢታዘዝ እንዴት እንደምትሠራው ትጠየቅ። የአንቀጽ ስታይል አዘጋጅቶ የሠራ ሰው አንድ ቦታ ለውጦ እንደሚጨርስ ይናገራል፤ በእጁ አንድ በአንድ ያስተካከለ ግን ገጽ መቍጠር ይጀምራል።

የባንኩ መተግበሪያ በሲቪው ላይ አልተጠቀሰም። ይህ ብቻውን የስርቆት ማስረጃ አይደለም፤ ደንበኛ ሳይኖር ለልምምድ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የልምምድ ሥራ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ልምምድ መሆኑን መደበቅ ነው። ስለዚህ ሥራውን ማን እንዳዘዘውና በአገልግሎት ላይ ውሎ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ እስኪመለስም ነጥቡ አይሰጥም፣ አይቀነስም። በአንጻሩ በሲቪው ተጠቅሶ በፖርትፎሊዮው ያልታየ ሥራም አለ፤ ንብረትነቱ የአሠሪው ሆኖ እንዳይታይ በውል የተከለከለ ሊሆን ስለሚችል፣ አለመታየቱ አለመሠራቱን አያስረዳም።

የሲቪው መልክም ራሱ የዲዛይን ሥራ ነው። ቀኖቹ በአንድ መስመር መዋላቸው፣ ርእሱ ከዝርዝሩ መለየቱ የአመልካቹን ዐይን ያሳያል። በአንጻሩ አንዳንድ ዲዛይነሮች በሲቪያቸው ላይ «ፎቶሾፕ 90 በመቶ» እያሉ የሚሥሉት መለኪያ የምን 90 በመቶ እንደ ሆነ ስለማይታወቅ ምንም አይመዝንም።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ ከስሕተቱ ብዙው የሚመነጨው ከማስታወቂያው መሆኑን ነው። ማስታወቂያው የዘመን አቈጣጠሩ እንዲገለጽ፣ በየሥራው ሥር የአመልካቹ ድርሻ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጻፍ፣ ሊንኩም ያለ ፈቃድ እንዲከፈት አስቀድሞ ቢያዝ፣ አመልካቿ በ8 ዓመት ልዩነት ባልተጠረጠረች፣ መዛኙም ጊዜውን በገጾቹ ላይ ባዋለ ነበር።