የዱላ ቅብብል ጊዜ ለአራት ሯጮች እንዴት ይከፈላል?
(በማኅበሩ የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለ ሩጫ ቢሆንም፣ ነገሩ ከእግር ይልቅ የእርሳስ ሥራ ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበርኩበት የሩጫ ቡድን ውስጥ ሒሳብ የሚያውቅ እሱ ነው ተብዬ የሯጮቹን ጊዜ የማከፋፈል ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። በኔ የሒሳብ ስሕተት ምክንያት ከሁሉ የተሻለው ሯጫችን «ሰነፈ» ተብሎ ተወቀሰ። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት እሱ ቡድኑን ትቶ ከሄደ በኋላ ነው። ይኸው ነገር በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ዛሬ ሒሳቡን በፊታችሁ ልዘረጋው።

ሩጫው በመንገድ ላይ የሚደረግ የ25 ኪሎ ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር። ሯጮቹ አራት ሲሆኑ ስማቸውን ትቼ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ ልበላቸው። ሀ፣ ሐ እና መ እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ሜትር፣ ለ ግን ፈጣን ስለሆነ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የምናውቀው የሁሉንም የ5 ኪሎ ሜትር ጊዜ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ሀ 17 ደቂቃ፣ ለ 16 ደቂቃ፣ ሐ 18 ደቂቃ፣ መ 20 ደቂቃ ነው። ቡድኑ ሊደርስበት ያሰበው ጠቅላላ ጊዜ 87 ደቂቃ ነበር።

አንዳንድ ሰው ጠቅላላውን ጊዜ ለ25 አካፍሎ ለሁሉም እኩል ያድላል። ይህ ለአንድ ኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ያህል ይሆናል። እኩል ስለሆነ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን መ በዚህ ፍጥነት ለመሮጥ ከራሱ ጊዜ ላይ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ መቀነስ አለበት፤ ይህም የማይሆን ነገር ነው። ለ ደግሞ ከአቅሙ በታች እየተዝናና ይሮጣል። እኩል መሆንና ፍትሐዊ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እኔም ይህን ስለማውቅ ለእያንዳንዱ የገዛ ጊዜውን ሰጠሁት፤ ስሕተቴም ያለው እዚህ ላይ ነው። የለን 16 ደቂቃ በሁለት አባዝቼ ለ10 ኪሎ ሜትር 32 ደቂቃ ጻፍኩለት። ሁሉንም ብደምር 17፣ 32፣ 18 እና 20 ልክ 87 ደቂቃ ሆነልኝ። ደስ አለኝ። «ማንም ከልማዱ በላይ እንዲሮጥ አልተጠየቀም» ብዬ ለቡድኑ ተናገርኩ።

ዳሩ ግን ርቀት ሲረዝም ማንኛውም ሯጭ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጅበት ጊዜ ይጨምራል። ፒተር ሪገል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። እንደሱ አሠራር ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ሁለት እጥፍ ሳይሆን 2.085 እጥፍ ያህል ይሆናል። ትርፉ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን 16 ደቂቃ ማለት 960 ሰከንድ ነው፤ በ2.085 ሲባዛ 2,002 ሰከንድ ገደማ፣ ማለት 33 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ይመጣል። እኔ ከጻፍኩለት በ82 ሰከንድ ይበልጣል።

በውድድሩ ቀን ሀ፣ ሐ እና መ ልክ በየጊዜያቸው ሮጡ። ለ በ33 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገባ። ቡድኑ በ80 ሰከንድ ዘገየ፤ ሁሉም ወደ ለ ተመለከተ። እሱ ግን ከአቅሙ ምንም አላጎደለም። እኔ ሳላውቅ የቡድኑን ጭነት በሙሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ጭኜ፣ ሦስቱን ባዶ እጃቸውን አስኪጃለሁ።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። አስቀድሞ እያንዳንዱ ሯጭ በሚሮጠው ርቀት ልክ የሚጠበቅበት ጊዜ ይጻፋል። በሰከንድ ሲቈጠር ሀ 1,020፣ ለ 2,002፣ ሐ 1,080፣ መ 1,200፣ ድምሩ 5,302 ነው። ከዚያ የታሰበው ጊዜ፣ 87 ደቂቃ ወይም 5,220 ሰከንድ፣ ለዚህ ድምር ይካፈላል፤ ውጤቱ 0.9845 ነው። በመጨረሻ የእያንዳንዱ ጊዜ በዚሁ ቁጥር ይባዛል። ትርጓሜው እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ጊዜ ላይ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ይቀንስ ማለት ነው። ፈጣኑም ዘገምተኛውም በየአቅሙ ልክ ተመሳሳይ ጭነት ይሸከማል።

ብዜቱ ወደ ሙሉ ሰከንድ ሲጠጋጋ 1,004፣ 1,971፣ 1,063 እና 1,181 ይሆናል። ሲደመር ግን 5,219 ነው፤ አንድ ሰከንድ ተርፋለች። እሷን ክፋዩ በብዛት ለተቈረጠበት ለመ እንሰጣለን። ስለዚህ ሀ 16 ደቂቃ ከ44፣ ለ 32 ደቂቃ ከ51፣ ሐ 17 ደቂቃ ከ43፣ መ 19 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ይደርሳቸዋል፤ ድምሩም ልክ 87 ደቂቃ ነው። እኔ በለ ላይ የጫንኳቸው 82 ሰከንዶች አሁን ሀ 16፣ ለ 31፣ ሐ 17፣ መ 18 ሆነው ተከፋፍለዋል።

ሩጫው ከተጀመረ በኋላ ሀ ዱላውን በ20 ሰከንድ ቢያዘገይ ምን ይደረግ? ብዙ ጊዜ ቀጣዩን «አንተ አካክሰው» ይሉታል። ይህ የቀድሞውን ስሕተት መድገም ነው። የቀረው ጊዜ 4,196 ሰከንድ፣ የቀሩት ሦስት ሯጮች የሚጠበቅባቸው ድምር 4,282 ስለሆነ፣ እንደገና ማካፈል ይበቃል። ያን ጊዜ ለ 9፣ ሐ 5፣ መ 6 ሰከንድ ብቻ ይጨምራሉ። የእያንዳንዱም ቅናሽ ከመቶ ሁለት ይሆናል። ጊዜ ተቈጣጣሪው አዲሱን ቁጥር በመቀባበያው ቦታ ላይ ተጠባባቂ ለሆነው ሯጭ ሊነግረው ይችላል።

ይህ አሠራር ወሰን አለው። መነሻ ጊዜዎቹ በአንድ ዓይነት ቦታ የተለኩ መሆን አለባቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ዝቅ ባለው በአዳማ የሮጠበትን ጊዜ ደምሮ ማካፈል በአዳማ የሮጠውን መበደል ነው። ዳገት የሚደርሰው ሯጭም ጊዜው በሜዳ ላይ ሳይሆን በዚያው ዳገት ላይ መለካት አለበት። የሪገልም ቁጥር ግምት ነው፤ ፍጥነት እንጂ ጽናት ለሌለው ሯጭ 2.085 እንኳ ያንሰዋል። ለ በእርግጥ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ግምቱን ትተን የተለካውን ጊዜ እንወስድ ነበር። በ4 ጊዜ 100 ሜትርም ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ተቀባዮቹ ዱላውን የሚይዙት እየሮጡ ስለሆነ፣ የቡድኑ ጊዜ ከአራቱ ጊዜ ድምር ያንሳል።

ውጤቱ ሲመጣም ማንበብ ያስፈልጋል። አራቱም ከየድርሻቸው በተመሳሳይ መቶኛ ከዘገዩ፣ የታሰበው ጊዜ ከቡድኑ አቅም በላይ ነበር። አንዱ ብቻ ከዘገየ ደግሞ ሰውየውን ከመውቀስ በፊት የጻፍንለትን ቁጥር እንመርምር፤ ጊዜው ያረጀ፣ በሌላ ርቀት የተለካ፣ ወይም እንደ እኔ በሁለት የተባዛ ሊሆን ይችላል።

ያን ሯጭ ዘግይቼም ቢሆን አግኝቼው ወረቀቱን አሳየሁት። ዝም ብሎ ቁጥሮቹን ከተመለከተ በኋላ «እኔስ እግሬን ነበር የጠረጠርኩት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሰው ጊዜ በሁለት አባዝቼ አላውቅም።